ሐይቁ ዳር የበላሁትን አሳ አፑ ላይ ስንት ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ክብደት ለመቀነስ ካሎሪና ማክሮ፣ ማለትም ፕሮቲን፣ ካርቦሃይድሬትና ቅባት፣ መመዝገብ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ቤት የምበላውን እመዝናለሁ፣ እሱ ችግር የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከጓደኞቼ ጋር ሐይቁ ዳር ሙሉ አሳ ጥብስ በእንጀራ እንበላለን። አሳው ስንት ግራም እንደሆነ፣ ስንት ዘይት እንደገባበት ማን ያውቃል? አፑ ላይ ‹የተጠበሰ አሳ› ብዬ ስፈልግ አንዱ 200 ካሎሪ፣ አንዱ 900 ይለኛል። የቱን ልመን? ወይስ ቅዳሜን ዝም ብዬ ልዝለለው?»

መልስ፦

የትኛውንም አትመን፣ ቅዳሜንም አትዝለል። ሁለቱም ቁጥሮች ውሸት ላይሆኑ ይችላሉ እኮ። 200 የሚለው ምናልባት ለ100 ግራም ሥጋ ነው፤ 900 የሚለው ደግሞ ዱቄት ለብሶ ከድንች ጥብስ ጋር ለቀረበ ሙሉ ሳህን። ማን እንዳስገባው፣ ምን ዓይነት አሳ እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ «የተጠበሰ አሳ» የሚለውን ፍለጋ ተወውና ሳህኑን በሦስት ክፈለው፦ አሳው፣ እንጀራው፣ ዘይቱ። አፑ ውስጥም ለየብቻ ይግቡ፤ ጥሬ ቲላፒያ ይህን ያህል፣ እንጀራ ይህን ያህል፣ ዘይት ይህን ያህል።

ለምን መሰለህ? ሦስቱ እኩል ድብቅ አይደሉም። አሳው መጠኑን ራሱ ይናገራል፤ አብሮህ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ የለ። እንጀራው ከፈለግህ ይመዘናል። በእውነት የማይታወቀው ዘይቱ ብቻ ነው። ሰው ግን ዘይቱን ስላላወቀ ሦስቱንም ይተዋቸዋል፣ ከዚያ «የውጭ ምግብ አይቆጠርም» ይላል።

ከአሳው እንጀምር። ሐይቁ ዳር ሙሉውን ተጠብሶ የሚመጣልህ አብዛኛውን ጊዜ ቆሮሶ ነው፣ ቲላፒያ የምንለው። ቆሮሶ ለቆጣሪ ሰው የተመቸ አሳ ነው። ትንሹም ትልቁም ቅርጹ ያው ስለሆነ ርዝመቱን ካወቅህ ክብደቱን በደህና ትገምታለህ። ስሌቱ ይኸውልህ፦ ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ያለውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ውሰድ፣ በራሱ አባዛው፣ ውጤቱን እንደገና በርዝመቱ አባዛው፣ ከዚያ ለ50 አካፍለው። የሚወጣው ቁጥር አሳው ከሐይቁ ሲወጣ የነበረው ክብደት ነው፣ በግራም፣ በግምት። 24 ሴንቲ ሜትር የሆነ አሳ ወደ 280 ግራም፣ 28 የሆነው ወደ 440፣ 30 የሆነው ወደ 540 ይመጣል።

ማስመሪያ ይዘህ አትሂድ፣ ጓደኞችህ ዓመቱን ሙሉ ይስቁብሃል። ስንዝርህን ቤት አንዴ ለካ፣ አራት ጣትህንም ለካ። የእኔ ስንዝር 20 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አራት ጣቴ 8 ገደማ። አሳው ሲመጣ እጄን «እንዴት ያምራል» እያልኩ በላዩ አሳልፋለሁ፣ በቃ። አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ከሆነ 28 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ርዝመቱ ሦስት ጊዜ ስለሚባዛ ትንሽ ስህተት ትልቅ ትሆናለች። 24ቱና 30ው አሳ ሳህን ላይ ለዓይን ብዙም አይራራቁም፤ «ሁለቱም መካከለኛ ናቸው» ትላለህ። ክብደታቸው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ለዚህ ነው ዓይን ብቻ የማይበቃው፣ ስንዝርም ብትሆን መለኪያ ይሻላል ያልኩህ። ሲጠበስ ጅራቱ ከተጣጠፈ ወይም ጫፉ ከረገፈ ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር ጨምርበት።

ቀጥሎ የሚበላው ስንት ነው? ከሙሉው ክብደት የምትበላው ሥጋና ቆዳ 40 በመቶ ያህል ነው። ቀሪው ቅርፊት፣ ሆድ ዕቃ፣ ጭንቅላትና አጥንት ነው። ሙሉ አሳ ገዝቶ ቤቱ ያጸዳ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አንድ ኪሎ ብሎ ገዝቶ ድስቱ ላይ ሲያየው ያዝናል። 440 ግራም የነበረው አሳ እንግዲህ 176 ግራም ጥሬ ሥጋ ይሰጥሃል። ጥሬ የቲላፒያ ሥጋ በ100 ግራም 20 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 2 ግራም የማትሞላ የራሱ ቅባት አለው፤ ካርቦሃይድሬት የለውም። ስለዚህ 35 ግራም ፕሮቲን። ፕሮቲኑን ባንድ ጊዜ ማስላት ከፈለግህ የአሳውን ሙሉ ክብደት በ0.08 አባዛው፣ ያው ይወጣል።

አንድ ደንበኛዬ በዚህች ቦታ ላይ ለወራት ተሳስቶ ነበር። ጂም የሚሠራ ልጅ ነው። 440 ግራም አሳ በልቻለሁ ብሎ ሙሉውን እንደ ሥጋ ያስገባል፣ አፑም 88 ግራም ፕሮቲን ይሰጠዋል። ደስ ብሎት የቀኑን ፕሮቲን ጨረስኩ ይላል። የበላው ግማሹን እንኳ አልነበረም፤ የቀረውን ድመቷ ነው የበላችው። ሁለተኛው የተለመደ ስህተት ደግሞ ጥሬና የበሰለ ማደባለቅ ነው። አሳው ሲጠበስ ውኃው ስለሚወጣ ሥጋው ይቀላል፣ ፕሮቲኑ ግን እዚያው አለ። ስለዚህ 100 ግራም የበሰለ ሥጋ ከ100 ግራም ጥሬ የበለጠ ፕሮቲን አለው፣ ወደ 26 ግራም። በርዝመት ከጀመርክ የምታገኘው የጥሬውን ነው፤ አፑም ላይ ጥሬ የሚለውን ምረጥ። የተጠበሰውን ሥጋ መዝነህ ጥሬ የሚለው ላይ ካስገባህ ታሳንሰዋለህ።

አንድ ትልቅ ትሪ ላይ አራት አሳ መጥቶ አምስት ሰው ከበላ ርዝመቱ ብቻ አይበቃህም። ያን ጊዜ ፊትህ የተከመረውን አጥንት እይ። ሥጋው ተለቅሞ ያለቀ ሙሉ አከርካሪ ካለ አንድ አሳ ነው። የእኔ ልማድ በአጥንት መቁጠር ነው። ጉርሻውን ግን ተወው፣ የሰጠኸውና የተቀበልከው ይቻቻላል። የማይቻቻል ጓደኛ ካለህ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ዘይት ተጠቀሙ?» ነው። መጥበሻው ውስጥ ሁለት ሊትር ይኑር ሦስት ሊትር ለአንተ ምንም አይደለም። ለአንተ የሚያስፈልግህ አሳው ይዞት የወጣው ነው። ይህ ደግሞ በአብዛኛው የሚወሰነው አሳው ዘይት ውስጥ ሳለ ሳይሆን ከወጣ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ደቂቃዎች ነው። እንዴት? አሳው ትኩስ ዘይት ውስጥ ሲገባ በላዩ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ያ የምታየው አረፋ እሱ ነው። እንፋሎቱ ወደ ውጭ እየገፋ ሳለ ዘይቱ ወደ ውስጥ ብዙ አይገባም። አሳው ሲወጣ እንፋሎቱ ይቆማል፣ ላዩ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ቆዳው ላይ የተለጠፈው ዘይት በደረቀው ላይ ባሉት ክፍተቶች ይሳባል። ወንፊት ላይ ቆሞ ዘይቱ የተንጠፈጠፈለት አሳና ከመጥበሻው በቀጥታ ሳህን ላይ የተጋደመው አሳ ለዚህ ነው የሚለያዩት።

ይህን ካወቅህ ምልክቶቹን ማየት ቀላል ነው። መጀመሪያ ዱቄት። ዱቄት የነካው አሳ ካልነካው በግልጽ የበለጠ ዘይት ይይዛል፤ ቅርፊት መስሎ የሚነሳ ሽፋን ካለው ዱቄት አለው። ሁለተኛ ቢላው። እኛ ጋ የአሳው ጎን እስከ አጥንቱ ድረስ ይሰነጣጠቃል፣ ያ ነው ጫፍ ጫፉን እንዲያ የሚያንኮሻኩሸው። ደስ ይላል፤ ግን እያንዳንዱ ስንጥቅ አዲስ ገጽ ነው፣ ዘይት የሚይዝበት። ሦስተኛ ሳህኑ። አሳውን ብድግ አድርገህ ሥሩን እይ። ሳህኑ ጭጋግ ያለበት ብቻ ከሆነ ጥሩ፤ ዘይቱ ተንጣሎ ሳህኑን ስታዘነብለው የሚሄድ ከሆነ ከፍ ብለህ ገምት። እንጀራ ላይ ተጋድሞ ከመጣ ደግሞ ከሥሩ ያለውን እንጀራ ግለጠው። ያ ብርሃን የሚያስተላልፍ የመሰለ ቦታ ዘይቱ ነው። ብትበላው የአንተ ነው፣ ብትተወው የሳህኑ ነው።

አራተኛው ጥድፊያ ነው። በጾም ወቅት ወይም ሰው በሚበዛበት ሰዓት ቀደም ብሎ የተጠበሰ አሳ እንደገና ዘይት ውስጥ ገብቶ ይሞቃል። ሁለት ጊዜ ገባ ማለት ሁለት ጊዜ ወጣ ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜም ቀዘቀዘ። ምልክቱ ላዩ ጠቆር ብሎ ውስጡ ደረቅ መሆኑ ነው።

አስተናጋጁን መጠየቅ ከፈለግህ ሊመልሰው የሚችለውን ጠይቀው። «ስንት ማንኪያ ዘይት አለው?» ብትለው ወይ ይስቃል ወይ ደስ ይበልህ ብሎ የሆነ ነገር ይልሃል። «ዱቄት ታደርጉበታላችሁ ወይ?» እና «አሁን ነው የሚጠበሰው ወይስ የተጠበሰ አለ?» ብትለው ግን እውነቱን ይነግርሃል። ለግምትህም እነዚህ ሁለቱ ይበልጣሉ።

ቁጥሩስ? አንድ እሑድ ቤት ሠርቼ አይቼዋለሁ። 520 ግራም የሚመዝን ሙሉ ቆሮሶ ገዛሁ። ሲጸዳ 440 ሆነ። ጎኑን እንደ ሐይቁ ዳሮቹ ሰነጣጠቅኩት፣ ዱቄት አላደረግሁበትም። ዘይቱን ከነመጥበሻው ከመጥበሴ በፊት መዘንኩ፣ ቀዝቅዞ እንደገና መዘንኩ፤ 34 ግራም ጎደለ። አሳው ያረፈበት ወረቀት ላይ 5 ግራም ያህል ቀረ፣ ጥቂቱ ደግሞ ምድጃው ላይ ተረጭቷል (እሱን የጠረግሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ)። ስለዚህ አሳው ላይ የቀረው 25 ግራም ገደማ ነው። የተጠበሰው አሳ 330 ግራም መዘነ፣ ስበላ የተውኩት አጥንትና ጭንቅላት 165 ሆነ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ጭንቅላቱና ክንፎቹም ዘይት ይዘዋል፣ አልበላኋቸውም። ሆዴ የገባው ዘይት 20 ግራም ቢሆን ነው፣ የአሳው የራሱ ቅባት 4 ግራም ሲጨመር 24። አንድ አሳ፣ አንድ ጠባሽ፣ አንድ ቀን ነው፤ የምግብ ቤቱን አይነግርህም። ግን ነገሩ በየትኛው ሰፈር እንዳለ ያሳይሃል። 5 ግራም አይደለም፣ 80ም አይደለም።

እኔ ለአንድ ስንዝር ከአራት ጣት አሳ ሦስት ደረጃ ነው የምጠቀመው፣ የአሳውን የራሱን ቅባት ጨምሮ። ዱቄት የሌለው፣ የተንጠፈጠፈ፣ ሳህኑ ደረቅ ከሆነ 12 ግራም። ተራው፣ የተሰነጣጠቀው፣ ጣትህን በሶፍት የሚያስጠርግህ 22። ዱቄት የለበሰ ወይም ሁለት ጊዜ የገባ፣ ሳህኑ ላይ ዘይት የተኛበት 35። በመካከላቸው 25፣ 27 እያልክ አትጨነቅ። ያን ያህል የሚያይ ዓይን የለም።

አሳው ጎን ያለው ዳጣና ሚጥሚጣ አይቆጠርም፣ ሎሚውም። ሰላጣው ግን ዘይት ካለው ቁጠር። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ነው፣ 120 ካሎሪ አካባቢ። ለሁለት ከበላችሁት ግማሹን ውሰድ።

እንጀራው ላይ ብዙ አልቆይም፣ ምክንያቱም መፍትሔው መገመት ሳይሆን መመዘን ነው። ከዚያው ቤት አንድ እንጀራ ጠቅልለው እንዲሰጡህ ጠይቅ፣ ቤት ወስደህ ሚዛን ላይ አስቀምጠው። አንዴ ብቻ። እኔ ከተለያየ ቦታ ወስጄ የመዘንኳቸው ከ250 እስከ 400 ግራም ድረስ ናቸው፣ ልዩነቱ ራሱ አንድ ምሳ ነው። ከዚያ በኋላ ያለህ ሥራ ስንት ሩብ በላሁ ብሎ መቁጠር ነው። 100 ግራም እንጀራ ወደ 32 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 4 ግራም ፕሮቲን፣ 150 ካሎሪ አካባቢ ብለህ ያዝ።

እኛ አካባቢ የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ስለሚቀላቀል «የነጣው እንጀራ ካሎሪው ይበዛል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣብኛል። በካሎሪ ብዙም አይለይም፤ የሩዝ ዱቄትና የጤፍ ዱቄት በጉልበት ይቀራረባሉ። ሩዙ የሚቀንሰው ፕሮቲኑን፣ ፋይበሩንና ብረቱን ነው። ለካሎሪ ከቀለሙ ይልቅ ውፍረቱን እይ።

እንግዲህ ያንተን ቅዳሜ እንሥራው። አሳው 28 ሴንቲ ሜትር፣ ተራ ጥብስ። እንጀራው 320 ግራም ይመዝናል እንበል፣ ሦስት ሩቡን በላህ፣ 240 ግራም። ሰላጣውን ለሁለት በላችሁ።

ፕሮቲን፦ ከአሳው 35፣ ከእንጀራው 10፣ ባጠቃላይ 45 ግራም። ካርቦሃይድሬት፦ ከእንጀራው 77፣ ከሰላጣው 4፣ ባጠቃላይ 81። ቅባት፦ ከአሳው 22፣ ከሰላጣው 7፣ ከእንጀራው 2፣ ባጠቃላይ 31። ካሎሪውን ለማግኘት ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት በ4 ይባዛሉ፣ ቅባት በ9። 783 ይወጣል። 780 ብለህ ጻፍ።

አሁን ዘይቱን ብቻ ወደ ታችና ወደ ላይ ጎትተው። ደረቅ ጥብስና ዘይቱ የቀነሰ ሰላጣ ቢሆን 670 አካባቢ፣ ዱቄት የለበሰና ሰላጣውም ዘይት የበዛበት ቢሆን 930 አካባቢ ትደርሳለህ። ከ200 እስከ 900 የነበረው ጥርጣሬህ ከ670 እስከ 930 ሆነ ማለት ነው። ፕሮቲኑ በሦስቱም ያው ነው፣ ካርቦሃይድሬቱም ዱቄቱ ከሚጨምረው ጥቂት በቀር ያው። በደንብ የሚወዛወዘው አንድ ረድፍ ብቻ ነው፣ ቅባቱ።

ቢራ ካለ ለብቻው ይግባ። ከአልኮል የሚመጣው ካሎሪ ከሦስቱ ማክሮዎች በአንዱም ውስጥ ስለማይገባ፣ አፕህ ላይ የማክሮው ድምርና የካሎሪው ድምር አልገጥም ብሎህ ቢያደናግርህ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ይህ የቀረው ጥርጣሬ ይጎዳሃል ወይ? እሱ የሚወሰነው በስንት ጊዜ ትበላለህ በሚለው ነው። አንተ በሳምንት አንዴ ነው። 130 ካሎሪ ወደ ላይ ብትሳሳት ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን 19 ካሎሪ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በለው። መካከለኛውን ጻፍና እንቅልፍህን ተኛ። ጓደኛህ ግን ቢሮው ሐይቁ አጠገብ ሆኖ በሳምንት አምስት ቀን እዚያው ቢበላ ነገሩ ይለያል። አምስቱንም ቀን ያው ቤት፣ ያው ጠባሽ፣ ያው ዘይት ነው። ስህተቱ አንድ ቀን ወደ ላይ ሌላ ቀን ወደ ታች እየሆነ አይጣፋለትም፣ ወደ አንድ ጎን ይከመራል። በቀን 93 ካሎሪ ገደማ ይሆንበታል፣ በወር ወደ 2,800። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ነው ብንል፣ በወር ከሦስት መቶ ግራም በላይ ነው። ለእሱ ዱቄቱን ማየትና ወንፊቱን መጠየቅ ዋጋ አለው፣ ጥርጣሬ ላይ ሲሆንም ከመካከለኛው ከፍ ያለውን ይጻፍ። ሰው ሲገምት ዘወትር ወደ ታች ነው የሚያዘነብለው። እኔም ጭምር።

ግምትህ መሳሳቱን የሚነግርህ ሚዛኑ ነው፣ ግን እሑድ ጠዋት አትጠይቀው። ቅዳሜ ጨው ያለው ምግብና ብዙ እንጀራ በልተህ እሑድ አንድ ኪሎ ጨምረህ ብትነሳ ያ ውኃና ገና ያልወጣ ምግብ ነው። አንድ ኪሎ ስብ በአንድ ምሳ ለመሥራት በላይ በላዩ 7,700 ካሎሪ መብላት አለብህ፤ አሳው አልቆ ጀልባውንም ትጀምራለህ። በየጠዋቱ ተመዘን፣ የሳምንቱን አማካይ ውሰድ፣ ሦስት አራት ሳምንት አስተያይ።

እና አሁን እኔ በጣም የምወዳት ስሌት ትመጣለች። በሳምንት ግማሽ ኪሎ እቀንሳለሁ ብለህ አቅደሃል እንበል። አማካዩ የሚያሳየው ግን 300 ግራም ነው። 200 ግራም ጎደለ፣ ማለትም በሳምንት 1,540 ካሎሪ ሳይጻፍ አልፏል። ወዲያው «የቅዳሜው አሳ ነው!» ትላለህ። እስኪ እናስላው። 1,540ን ለ9 አካፍለው፣ 171 ግራም ዘይት ይመጣል። ከ12 የሾርባ ማንኪያ በላይ ነው፣ ከጻፍከው በላይ፣ በአንድ አሳ። አይሆንም። እንዲህ ያለ አሳ ሳህን ላይ ሳይሆን ብርጭቆ ውስጥ ነው የሚቀርበው። ስለዚህ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

«ቤት የምበላውን እመዝናለሁ» ብለሃል። ዘይቱንም ትመዝናለህ? ይህን የምጠይቅህ ብዙ ሰው ሽንኩርቱንና ምስሩን በግራም መዝኖ ዘይቱን ከጀሪካን በቀጥታ ድስቱ ላይ ስለሚያንቆረቁር ነው። አንድ ማንኪያ ብሎ የጻፈው ሦስት ከሆነ፣ በቀን ሁለት ማንኪያ ተደበቀ ማለት ነው። ያ በሳምንት ወደ 1,700 ካሎሪ ይሄዳል። የጎደለህ ቁጥር ጋ እንዴት እንደቀረበ አየህ? ምግብ የሚሠራልህ ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ አትጨቃጨቅ። ጀሪካኑን ከመሠራቱ በፊትና በኋላ መዝነው፣ ድስቱን ለበላችሁት ሰዎች አካፍለው። እኔ የቅዳሜውን አሳ ከመጠርጠሬ በፊት የማያት ይህችን ነው። ቀጥሎ ቡናው ላይ የሚቀርበውን ቆሎ፣ ቀጥሎ የሻይ ስኳሩን።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ይህ የስንዝር ስሌት ለቆሮሶ ብቻ ነው። አምባዛ ረዥምና ቀጭን አካል ያለው አሳ ነው፣ በዚህ ቀመር ብታሰላው የማይገናኝ ነገር ይወጣልሃል። አምባዛ ብዙ ጊዜ ተቆራርጦ ስለሚመጣ ሥጋውን ብቻ ገምት፤ የመዳፍህን ስፋትና ውፍረት የሚያህል ቁራጭ ሥጋ 100 ግራም አካባቢ ነው።

አሳ ጉላሽ ወይም ሸክላ ላይ እየፈላ የሚመጣ ሽሮ ካዘዝክ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጥብስ ላይ አብዛኛው ዘይት መጥበሻው ውስጥ ይቀራል፤ ወጥ ላይ ግን የገባው ዘይት ሁሉ አንተ ጋ መጥቷል፣ የሚቀንሰው ሸክላው ላይ የተውከው ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ የምታየው አመጣጡን ሳይሆን መጨረሻውን ነው። ዘይቱ ጠርዝ ጠርዙን ቀይ ቀለበት ሠርቶ መጥቶ አንተ ስትነሳ ቀለበቱ እዚያው ካለ ለአንድ ሰው ሽሮ ሁለት ማንኪያ ዘይት ብለህ ጻፍ። በእንጀራ ጠራርገህ ሸክላው ታጥቦ የመጣ ከመሰለ አራት ጻፍ።

ለቅዳሜው ግን አሁን ያወጣነውን 45፣ 81፣ 31 አፕህ ውስጥ «የሐይቁ አሳ፣ ተራ» ብለህ አንዴ አስቀምጠው። በየሳምንቱ የምትቀይረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ስንዝሩና ሳህኑ ሥር ያለው ዘይት። ቤቱን ከቀየራችሁ ወይም የሚያቀርቡት እንጀራ ሳስቶ ካየኸው አንድ እንጀራ እንደገና አስጠቅልልና መዝነው።